ተረድቶ መፍቀድ፣ ተረድቶም እምቢ ማለት

በ1979 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ የ57 ዓመት ሴትና ባለቤቷ በመኪና ሲጓዙ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባል በአደጋው ሞተ። ሚስት ጭንቅላቷና ፊቷ ክፉኛ ቆስሎ፣ ደሟ እየፈሰሰ፣ ከርክላንድ ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰደች። መናገርም ሆነ መወሰን የምትችልበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም።

ማንነቷን ለማወቅ ቦርሳዋን የፈተሸች ነርስ በፈረንሳይኛ የተጻፈች ካርድ አገኘች። ካርዷ የያዘችው ሴት ከይሖዋ ምሥክሮች አንዷ መሆኗን፣ በምንም ሁኔታ ደም እንዳይሰጣት የምትጠይቅ መሆኗን፣ የሚከተለውንም ተረድታ መወሰኗን ትናገራለች። ደም ያልሆኑ ምትኮችን ግን እንደማትቃወም ተጽፏል። ፊርማ አለ፤ ቀንም ምስክርም የለም።

ተረኛው ሐኪም ካርዷን አይቷል። በመጀመሪያ ግሉኮስ፣ ቀጥሎም ሪንገርስ ላክቴት የሚባለውን ፈሳሽ በደም ሥሯ ሰጣት። አልበቃም፤ የደም ግፊቷ አሽቆለቆለ፣ አተነፋፈሷም ከበደ። ሐኪሙ ኃላፊነቱን ራሱ ወስዶ ደም ሰጣት። ከሰዓታት በኋላ የደረሰችው ልጇ ደሙ እንዲቆም ብትጠይቅና ለዚሁም ብትፈርም አልተቀበላትም፤ ካርዷ ቀን የላትም፣ ሴትየዋ እምነቷን ቀይራ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ታካሚዋ ዳነች። ከዳነች በኋላም ከሰሰችው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ1987 ውሳኔ ሲሰጥ ሐኪሙ በሙያው አንዳች ጥፋት እንዳልሠራ፣ ሕይወቷንም ያተረፈላት እርሱ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። ያም ሆኖ ያለ ፈቃዷ አካሏን በመንካቱ 20 ሺህ የካናዳ ዶላር ካሳ እንዲከፍላት ፈረደ። በ1990 የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸና። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ «ያዳናትን ሰው?» ብሎ መገረሙ አይቀርም። ግርምቱ ትክክለኛ ነው፤ ለመልሱ ግን አንድ ቃል በቅጡ መረዳት ያስፈልጋል።

ቃሉ «ኢንፎርምድ ኮንሰንት» ነው። በሕግ መድረክ ጎልቶ የወጣው በ1957 በካሊፎርኒያ ነው፤ ለምርመራ ተብሎ በተደረገለት ሂደት ሳቢያ እግሮቹ ሽባ የሆኑበት ታካሚ ስለ አደጋው ቀድሞ አልተነገረኝም ብሎ ከስሶ ነበር። በእኛ አገር ሰው ይህን ነገር ባብዛኛው የሚያውቀው ከኦፕራሲዮን በፊት በሚቀርብለት «የስምምነት ፎርም» ነው። ስምምነት ግን ሁለት ወገኖች ተነጋግረው የሚደርሱበት ነገር ነው፤ እዚህ ግን አካሉ የአንዱ ብቻ ነው። ባለቤት የሚሰጠውና የሚነፍገው ደግሞ ፈቃድ ይባላል። «አውቆ መፍቀድ» እንዳንል፣ በአማርኛ «አውቆ ነው» ሲባል ሆን ብሎ፣ አንዳንዴም አስመስሎ የሚል ስሜት ይመጣል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ትርጉም «ተረድቶ መፍቀድ» ነው። እምቢታውንም «ተረድቶ እምቢ ማለት» እንበለው።

ፈቃዱ እንዲጸና ሦስት ነገር ይፈለጋል። ታካሚው ምን ሊደረግለት እንደሆነ፣ ጥቅሙንና አደጋውን፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን ሊነገረው ይገባል። የተነገረውን አመዛዝኖ የመወሰን አቅም ሊኖረው ይገባል። ውሳኔውም የራሱ እንጂ የሌላ ሰው ጫና የወለደው መሆን የለበትም። እምቢታም በእነዚሁ ዓይኖች ይታያል፤ ሆኖም በመጀመሪያው ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ የካናዳው ክርክር የከረረውም በዚያ ላይ ነው።

የሐኪሙ ጠበቆች እንዲህ ሲሉ ተከራከሩ፦ ሴትየዋ ካርዷን ስትፈርም በዚያ ቀን ምን እንደሚደርስባት አታውቅም፤ ሐኪሙም አደጋውን ሊነግራት አልቻለም፤ ስለዚህ እምቢታዋ ተረድታ የተናገረችው አይደለም። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዳኛ ሮቢንስ ይህን አልተቀበሉም። ሐኪም መረጃ እንዲሰጥ የሚገደደው ታካሚው መምረጥ እንዲችል ነው፤ ታካሚው እምቢ ለማለት ፈተና እንዲያልፍ አይደለም። ካርዷ የተጻፈችውም ልክ እንዲህ ላለ ቀን፣ ሴትየዋ ራሷ መናገር ለማትችልበት ጊዜ ነው። ሴትየዋ ሐሳቧን እንደቀየረች የሚያሳይ ማስረጃ በሌለበት ሐኪሙ «ምናልባት» በሚል ብቻ ካርዷን ሊሽር አይችልም። በአጭሩ፣ ሳይረዱ የሰጡት ፈቃድ ሐኪሙን ነፃ ላያወጣው ይችላል፤ እምቢታ ግን ማብራሪያ ስላልቀደመው ብቻ አይወድቅም። ማብራራት የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ መስማት የታካሚው መብት።

ይህ ማለት ግን በወረቀት ላይ የሰፈረ እምቢታ ሁሉ የታካሚው ነው ማለት አይደለም። በ1992 በእንግሊዝ የደረሰው ይህን በደንብ ያሳያል።

የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር የሆነች የ20 ዓመት ወጣት ከመኪና አደጋ በኋላ ሆስፒታል ገባች። እናቷ ከይሖዋ ምሥክሮች ናት፤ አባቷ አይደለም፤ እርሷ ራሷም አልተጠመቀችም። የሳንባ ሕመም ይዟት፣ ማስታገሻ ተወግታ፣ ደክማ ተኝታለች። ማንም ስለ ደም ሳያነሳባት፣ ከእናቷ ጋር ብቻዋን ከቆየች በኋላ ነርሷን ደም እንደማትፈልግ ነገረቻት። ምጥ መጥቶ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ሲወሰንም ይህንኑ ደገመችው፤ ለደም ምትክ የሚሆን ነገር እንዳለ ጠየቀች፤ ሌላ ፈሳሽ መጠቀም እንደሚቻል፣ በእንዲህ ያለ ኦፕራሲዮንም ደም ብዙ ጊዜ እንደማያስፈልግ ተነገራት። ከዚያም የታተመ የእምቢታ ቅጽ ቀረበላት፤ ፈረመች። ቅጹን ያነበበላትም ያብራራላትም አልነበረም።

ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ወጣቷ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታ በመተንፈሻ መሣሪያ ተያዘች፤ ያለ ደም የማትተርፍ መሰለ። አባቷና ጓደኛዋ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው ደም እንዲሰጣት ፈቀደ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው። የይግባኝ ሰሚው ዳኛ ሎርድ ዶናልድሰን አቅም ያለው አዋቂ ሰው በምክንያት ይሁን ያለ ምክንያት፣ ሞት ቢያስከትልበትም እንኳ፣ ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው በግልጽ አስቀመጡ። የዚህች ወጣት እምቢታ ግን የእርሷ አልነበረም፦ አቅሟ ተዳክሟል፣ የእናቷ ተጽዕኖ በርትቶባታል፣ የተነገራትም ነገር አደጋውን አሳንሶ አሳይቷታል። ከሁሉ በላይ እምቢ ያለችው ደም ላያስፈልግ ይችላል በሚል ግምት እንጂ ብሞትም ብላ አልነበረም።

ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያየ ሐኪም ከምን መጀመር እንዳለበት ይገባዋል። እምነቱ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መመዘን ሥራው አይደለም፤ እምቢታው የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ግን ሥራው ነው። ቤተሰብም የእምነት ባልደረባም ከክፍሉ ወጥተው ከታካሚው ጋር ለብቻ መነጋገር ይቀድማል፤ በእኛ ሆስፒታሎች ዘመድ አልጋ ከብቦ ሲነጋገር ይህን ማለት ከባድ ነው፣ ግን መባል አለበት። አቅምን ለመመዘን የእንግሊዝ የ2005 ሕግ አራት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ታካሚው የተነገረውን ይረዳል? ለመወሰን ለሚበቃ ጊዜ ያህል ያስታውሰዋል? አመዛዝኖ ይጠቀምበታል? ውሳኔውን ማሳወቅ ይችላል? ውሳኔው ለሌላው ሰው ጥበብ የጎደለው መምሰሉ ብቻ አቅም ማጣት አይባልም። «እንግዲህ የነገርኩዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ብዙ ፎርም ከማስፈረም የበለጠ ይናገራል፤ «ደሙን ካልወሰድኩ ልሞት እችላለሁ፤ ቢሆንም አልወስድም» ያለ ሰው ተረድቷል። «ሌላ መድኃኒት አለ ብለውኛል» ካለ ግን ውይይቱ ገና አልተጀመረም።

ከዚያ በኋላ እምቢ የተባለው ምን እንደሆነ በዝርዝር ይለያል። የይሖዋ ምሥክሮች ሙሉ ደምን፣ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን፣ ፕሌትሌትንና ፕላዝማን አይቀበሉም። ከእነዚህ ተነጥለው የሚወጡ እንደ አልቡሚን ያሉ ነገሮችን፣ እንዲሁም በኦፕራሲዮን ወቅት የፈሰሰውን የራስን ደም አጣርቶ መመለስን ግን እያንዳንዱ በኅሊናው ይወስናል። ሐኪሙ «ደም አልፈልግም» የሚለውን ቃል ሰምቶ ፋይሉን ከዘጋ፣ ታካሚው ሊቀበል የሚችለውን ሁሉ ይነፍገዋል። ቀድሞ የደም ማነስን በአይረን ማከም፣ መድማትን በመድኃኒት መቀነስ፣ ኦፕራሲዮኑን ልምድ ላለው ሐኪም መስጠት፤ ይህ ሁሉ ከእምቢታው በኋላም ይቀጥላል።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚመጣው በሌላ መልክ ነው። ጠበል የገባ የኤች አይ ቪ ታካሚ መድኃኒቱን ሲያቆም፣ ሐኪሙ «ሃይማኖቱ ከለከለው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ይህ እምቢታ ከካናዳዋ ሴት ይለያል። እርሷ እምነቷና ደም መውሰድ አብረው እንደማይሄዱ ታውቃለች፤ ምርጫዋም እዚያ ላይ ነው። የጠበሉ ታካሚ ግን መድኃኒቱን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ጠበሉና መድኃኒቱ አይደባለቁም የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ እዚህ ሐኪሙ የሚጠይቀው «አባ ምን አሉህ? ራስህስ ምን ታምናለህ?» ብሎ ነው፤ አንዳንዴም ታካሚው ፈቅዶ የነፍስ አባቱን መጥራት መድኃኒቱን ከማብራራት የበለጠ ይጠቅማል። ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ መድኃኒቱን ማቆም ሊገድለው እንደሚችል ተረድቶ፣ አሁንም እምቢ ካለ፣ እምቢታው የራሱ ነው። የሐኪሙ በር ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ሐሳቡን ቀይሮ በሚመለስበት ቀን ማንም ሊቆጣው አይገባም።

ሐሳብን መቀየር መብት መሆኑን እንግሊዝ በ2003 በሌላ መዝገብ አይታዋለች። ሙስሊም ሆና የተወለደች፣ በኋላ የይሖዋ ምሥክሮችን የተቀላቀለች የ24 ዓመት ወጣት በማንኛውም ሁኔታ ደም እንዳይሰጣት የሚል ሰነድ ፈርማ ነበር። ሰነዱ በጽሑፍ ካልተሻረ በቀር እንደጸና ይቆያል ይላል። በኋላ ለአንድ ሙስሊም ታጨች፤ ወደ ቀድሞ እምነቷ እንደምትመለስም ተናግራ ነበር። በጽኑ ታማ ራሷን ስትስት አባቷ ፍርድ ቤት ቀርቦ ልጁ እምነቱን ትታዋለች አለ። ዳኛ ማንቢ በጽሑፍ ብቻ ይሻራል የሚለውን አንቀጽ አልተቀበሉትም፤ ሰው የገባው ቃል ራሱን ሊያስረው አይችልምና። ሰነዱ አሁንም ይጸናል የሚል ወገን ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው አሉ፤ ጥርጣሬ በቀረበት ቦታም ሕይወትን ወደሚያቆየው ወገን አደሉ። ደም እንዲሰጣት ተፈቀደ።