የሰረቀ ይመልስ፦ በኖታ ላይ ስለሚጻፉ ሦስት የጣሊያንኛ ቃላት

ልጆቻችን ከሙዚቃ ትምህርት ይዘዋቸው በሚመጡ የኖታ ወረቀቶች ላይ፣ ከመስመሮቹ በላይና በታች አሌግሮ፣ ክሬሸንዶ፣ ሩባቶ የሚሉ ቃላት እናያለን። ዜማውን የደረሰው ጀርመናዊም ይሁን ፖላንዳዊ፣ ቃላቱ አብዛኛውን ጊዜ ጣሊያንኛ ናቸው። ኦፔራ በ1600 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ጣሊያናውያን ዘፋኞችና የሙዚቃ ደራሲዎች በየአውሮፓው ቤተ መንግሥት እየተቀጠሩ ሲሠሩ፣ የሙያ ቃላቸውም አብሯቸው ተጓዘ።

ለጣሊያኖች ግን እነዚህ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። አሌግሮ ማለት «ደስተኛ» ማለት ነው። መጀመሪያ የዜማውን ስሜት ይነግር ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ደግሞ እርምጃው ፈጠን ስለሚል፣ ቃሉ ቀስ በቀስ የፍጥነት ምልክት ሆነ። ቤትሆቨን በ1817 በጻፈው ደብዳቤ በዚህ ተማርሯል፤ ቃሉ ደስታ ማለት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ደስታ በሌለው ሙዚቃ ላይ ይጻፋል ሲል። ስለዚህ አሌግሮን ያየ ተጫዋች ጣቶቹን ከማሯሯጡ በፊት፣ የዜማው ጠባይ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በጣም ፈጥኖ ትንንሾቹ ድምፆች እርስ በርስ ከተዋጡ፣ ፍጥነቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

ክሬሸንዶ ማለት «እያደገ የሚሄድ» ማለት ነው። ጀማሪዎች ቃሉን እንዳዩ ወዲያው ጮክ አድርገው ይመታሉ። ቃሉ የሚጠይቀው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሊያድግ የሚችለው ትንሽ የነበረ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉ በተጻፈበት ቦታ ድምፁ ገና ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በድሮው ሃርፕሲኮርድ ላይ ይህ በጣት ጉልበት አይቻልም ነበር፤ መሣሪያው ክሩን በላባ እየነጠቀ ስለሚያሰማ፣ ጣት ቢበረታም ድምፁ እምብዛም አይጎላም። በ1700 ገደማ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የተባለ የፍሎረንስ ባለሙያ ክሩን በመዶሻ የሚመታ መሣሪያ ሠራ። ዝቅም ጎላም ማለት ስለሚችል ስሙ በጣሊያንኛ ከ«ፒያኖና ፎርቴ» ወጣለት፤ እኛ ዛሬ ፒያኖ የምንለው «ዝቅ ያለ» የሚለውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከሦስቱ የሚከብደው ሩባቶ ነው። ትርጉሙ «የተሰረቀ» ማለት ሲሆን የሚሰረቀውም ጊዜ ነው። ዘፋኙና የዘፈን መምህሩ ፒየር ፍራንቸስኮ ቶሲ በ1723 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ስርቆት የሚያስከብረው ዘፋኙ የሰረቀውን በብልሃት ከመለሰ ነው ብሎ አስተምሯል።

ሥራውን በፒያኖ እንየው። ግራ እጅ አራት እኩል ምቶች ይመታል እንበል፤ ቀኝ እጅም በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ድምፅ አለው። ተጫዋቿ የመጀመሪያውን ድምፅ ስለወደደችው ምት ተኩል አቆየችው። ግማሽ ምት ሰርቃለች ማለት ነው። እንግዲህ የቀሩት ሦስት ድምፆች በሦስት ምት ፋንታ ሁለት ተኩል ምት ብቻ ይካፈላሉ፤ ትንሽ ትንሽ ያጥራሉ። የሚቀጥለው አራት ምት ሲጀምር ሁለቱ እጆች እንደገና ይገናኛሉ፣ ዕዳው ተከፈለ።

በዚህ ሁሉ ግራ እጅ ንቅንቅ አይልም። ሞዛርት በ1777 ከአውግስቡርግ ለአባቱ ሲጽፍ፣ በቀስታ በሚሄድ ዜማ ሩባቶ ሲጫወት ግራ እጁ ስለ ነገሩ ምንም እንደማያውቅ፣ የአገሬው ሰዎች ግን ይህን ሊረዱት እንዳልቻሉ ተርኳል። የሾፓን ተማሪዎችም መምህራቸው ግራ እጅን እንደ ኦርኬስትራ መሪ ያየው እንደነበር መስክረዋል።

ተጫዋች የሚሳሳተው ግራ እጁም ቀኙን ጠብቆ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ የሚመለስለት ስለሌለ ጊዜው አልተሰረቀም፤ ጠፍቷል። ለማወቅ አጠገቡ ተቀምጦ ግራ እጁን ብቻ እየተከተሉ በእግር መምታት ይበቃል፤ እግራችን ከተደናቀፈ ምቱ ፈርሷል። ይህ መለኪያ ግን ለሁሉም ዘመን አይሠራም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሩባቶ ሁለቱም እጆች አብረው የሚዘገዩበትንና የሚፈጥኑበትን አጨዋወትም መጠሪያ እየሆነ መጣ። ስለዚህ ቃሉን ስናይ፣ ዜማው መቼ እንደተደረሰም ከወረቀቱ አናት ላይ ማንበብ አለብን።