የዲኤንኤ ማስረጃ አተረጓጎም

በወንጀል ስፍራ የተገኘን ዲኤንኤ ከተጠርጣሪው ዲኤንኤ ጋር አነጻጽሮ የተገኘው መመሳሰል ምን ያህል ክብደት እንዳለው የመመዘን ሥራ ነው። ባለሙያው በተመረጡ የዲኤንኤ ቦታዎች የሚደጋገሙ አጫጭር ክፍሎችን ይቆጥራል። እያንዳንዱ ውጤት በሕዝቡ ውስጥ ያለው ድርሻ እርስ በርሱ ሲባዛ፣ ዝምድና የሌለው ሌላ ሰው በአጋጣሚ የመመሳሰሉ ዕድል ይገኛል።

ናሙናው ተበላሽቶ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ቢነበቡና ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ቢሆን፣ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ ወደ 5 የሚጠጉ ሰዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ «ተጠርጣሪው ንጹሕ የመሆኑ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው» ማለት ሰውን ያለ ጥፋቱ ሊያስቀጣ የሚችል ከባድ ስሕተት ነው። በወንድማማቾች መካከል ደግሞ የመመሳሰሉ ዕድል እጅግ ከፍ ይላል።

ቁጥሩ ዲኤንኤው በስፍራው እንዴት እንደተገኘም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ በተገደለ ሰው ጥፍር ላይ ዲኤንኤው የተገኘ ሰው ለወራት ታስሯል። በኋላ ግን በግድያው ሌሊት ሰክሮ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ከሕክምና መዝገቡ ታወቀ። ሁለቱንም የረዱት እነዚያው የአምቡላንስ ባለሙያዎች ስለነበሩ ዲኤንኤውን ያስተላለፉት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ላቦራቶሪዎች ከናሙናው ጎን የሚመረምሩት ባዶ ናሙና የቤተ ሙከራውን ብክለት ያጋልጣል፤ ከላቦራቶሪው በፊት የደረሰን እንዲህ ያለ ንክኪ ግን አያሳይም።