አልበም፣ ታግ ወይስ ፊት መለየት? ፎቶ ለበዛባችሁ

አንዲት ጓደኛችን አያቷ ያረፉ ቀን ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶ ቶሎ ፈልጊ ተባለች። ስልኳ ላይ ወደ 9,000 ፎቶ አለ። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ «ፋሲካ»፣ «ጥምቀት»፣ «የእህቴ ሰርግ» እያለች በአልበም ለይታዋለች። አያቷ ሁሉም ውስጥ አሉ፣ እሳቸውን ብቻ የሚያወጣ አልበም ግን የለም። አንድ በአንድ ስትገልጥ ነጋ።

«ማን?» ለሚል ጥያቄ አልበም አይሆንም፤ እዚህ ላይ የሚያዋጣው ፊት መለየት ነው። ጎግል ፎቶስ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ «Face groups» የሚለውን ታበራላችሁ። የሚሰራው ባክአፕ በሆኑ ፎቶዎች ላይ ስለሆነ ዋይፋይ ስታገኙ መጀመሪያ ባክአፕ አድርጉ። ውጤቱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል።

እኛ በኋላ አብረናት ስንሞክር አያቷ ሁለት ቦታ ተከፍለው መጡ፦ ነጠላ የተከናነቡበት ለብቻ፣ ፀጉራቸው የሚታይበት ለብቻ። ለሁለቱም አንድ ስም ስትሰጡ «አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ካላችሁ ይዋሃዳሉ። በተቃራኒው የእህታቸው ፎቶ መሃል ገብቶ ነበር (እውነትም ይመሳሰላሉ)። እሱን ግሩፑን ከፍቶ በ«Remove results» ማስወጣት ነው። ከጀርባ የተነሱትንና ፊታቸው የተሸፈነውን ግን ሁልጊዜ ላያገኝላችሁ ይችላል። ልጆችም ሲያድጉ እንደ ሌላ ሰው ሊቆጠሩ ስለሚችሉ አልፎ አልፎ እያያችሁ አዋህዱ።

አልበምን ለምን እንጠቀም ታዲያ? አልቆ ለተዘጋ ነገር። የሰርጉን 40 ምርጥ ፎቶ መርጣችሁ ለዘመድ በሊንክ ለመላክ ከአልበም የተሻለ የለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ጎግል ፎቶስ ላይ ፎቶው አልበም ውስጥ ስለገባ ሁለት አይሆንም። ከአልበም ማውጣትና ዲሊት ማድረግም ይለያያል፤ ዲሊት ካላችሁት ከሁሉም ቦታ ይጠፋል።

ታግን በተመለከተ ጎግል ፎቶስ ራሱን የቻለ ታግ የለውም። ፎቶውን ወደ ላይ ስትስቡት መግለጫ መጻፊያ ቦታ ይመጣል፣ የጻፋችሁትም ሰርች ላይ ይገኛል። እኛ የምንጽፈው ከምስሉ ላይ ሊታወቅ ለማይችል ነገር ብቻ ነው። ጓደኛችን ከግድግዳ ላይ ያነሳችው የአያቷ የድሮ ፎቶ ዛሬ የተነሳ ይመስላል፤ «አያቴ፣ ደሴ፣ ከሰርጓ በፊት» ብላ ጻፈችበት፣ ቀኑንም እዚያው አስተካከለችው። ለ9,000 ፎቶ እንዲህ እጽፋለሁ የሚል ሰው ግን ሶስተኛው ቀን ላይ ይተወዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስም ሰጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «Face groups»ን እንዳታጠፉት። ካጠፋችሁት ግሩፖቹም የሰጣችኋቸው ስሞችም ይሰረዛሉ። አንድን ሰው ማየት ካልፈለጋችሁ ያንን ፊት ብቻ መደበቅ ይቻላል።