ከሴት ወገን የተነሣ ጥያቄ

በመተማም ሆነ በቋራ ቆላ፣ በጎንደር ደጋም እንደዚያው፣ የጋብቻን ነገር የሚጀምረው የወንድ ወገን ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌው ደጅ ይጠናል፣ የሴት ወገን «እስቲ ዘመድ እንማከር» ብሎ ይመልሰዋል። ነገሩ ሲሰምር ግን ብዕር የሚያነሣው የልጅቱ አባት ይሆናል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው፦ «ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ እገሌ። ልጃችንን ለልጅዎ ስለ ፈቀድን፣ የሠርጉን ቀን፣ የድግሱን ወጪና የእንግዳውን ብዛት ተነጋግረን እንድንቆርጥ፣ በሚመጣው እሑድ ከሽማግሌዎችዎ ጋር ከቤታችን እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ይህ ደብዳቤ መልስ እንጂ መነሻ አይደለም። ጥያቄው ቀድሞ ከወንድ በኩል ስለ መጣ፣ የልጅቱ አባት ክብሩን ሳይነካ ቀን መቁረጥ ይችላል። የሴት ወገን ራሱ ቀድሞ የጠየቀ እንደሆነ ግን ሰሚው ሁሉ «ምን ቸግሮት ነው?» ይላል። በዚሁ ቆላ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ጊዜ ቀርቦ የኢትዮጵያን ታሪክ ለውጧል።

ዘመኑ 1830ዎቹ ዓ.ም. ነው። ደምቢያንና ቋራን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ፣ ግዛታቸውን የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ያዙት። የክንፉ ዘመድ የሆነው ካሣ ኃይሉ የእኔ ነው የሚለውን አገር ተነፍጎ ወደ ቋራ በረሃ ወረደና ሸፈተ። ቆላው ሙቀቱና ወባው የደጋን ጦር ይጠላል፤ የመተማ ነጋዴ የሚያልፍበት መንገድም በአጠገቡ ነው። ካሣ እዚያ ተከታይ እያበዛ ሄደ፤ የተላከበትንም ጦር መታ።

በጦር የማይያዝ ሰው በዝምድና ይያዛል ተባለ። መነንና ዓሊ የዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ሊድሩለት መልእክት ላኩ፤ ቋራንም እንዲያስተዳድር ሰጡት። የወትሮው ሥርዓት ተገለበጠ ማለት ነው። ሽማግሌ የላከው የሴት ወገን ሆነ፤ ደጅ የተጠናውም ሽፍታው ሆነ።

ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ሠርጉም ተደረገ። ነገር ግን አንዱን ስጦታ ለየቅል ተረዱት። ለመነን ቤት ጋብቻው ማስገበሪያ ነበር፤ ሽፍታው አማች ሆኖ ታዛዥ ይሆናል ብለው ጠበቁ። ለካሣ ደግሞ ጋብቻው ዕውቅና ነበር፤ ከዓሊ ቤት እኩል ተቆጠርሁ፣ የክንፉም አገር ቀስ በቀስ ይመለስልኛል አለ። መኳንንቱም ቢሆኑ እንደ አማች አላከበሩትም፤ እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበረች የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ የሚነገር ነው።

የሠርግ ሽማግሌ ሥራው ይኸንን ማጥራት ነው። በተራ ቤት፣ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው እያንዳንዱ የሚሰጠው ከብት በቁጥር ይጠራል፤ ዋስ ይቆማል፤ ዋሱም ቃሉን በሰው ፊት ይደግመዋል። ነገሩ ሲበላሽ የሚታወቀውም በዚያው ነው፦ አንዱ ወገን «ብለን ነበር» ሲል ሌላው «አላላችሁም» ይላል። በካሣ ሠርግ ግን ከሁለቱ በላይ ሆኖ ቃሉን የሚያስጠብቅ ዋስ ከየት ይመጣል? የመጨረሻው ዳኛ ራሱ ራስ ዓሊ ነበሩ።

ስለዚህ ውሉ ብዙ አልቆየም። ካሣ ዳግመኛ ሸፈተ፤ በ1839 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘ፤ ጦር ይዘው የመጡትን እቴጌ መነንንም ድል ነሥቶ ማረካቸው። ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ደምቢያን ለካሣ ለመስጠት ተገደዱ። በሠርጉ ያልተነገረው ጥሎሽ በጦር ተከፈለ ማለት ይቻላል። አማትና አማች ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተጋጠሙ፤ ዓሊ ተሸነፉ። የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ከዚያ ሁሉ ውል ሳይፈርስ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ባሏን እንድታለዝብ የተሰጠችው ተዋበች ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ከባሏ ጎን ቆመች፤ በ1850 ዓ.ም. እስክትሞትም ድረስ አልተለየችውም። ከሁለቱም ቤት ማንም ሳይጠይቃት የሄደች ልጅ፣ ሁለቱ ቤቶች ያልጠበቁትን ቃል ብቻዋን ጠበቀች።