የኮለን ሲሚንቶ ስሌት

አንድን የኮንክሪት ኮለን ለመሙላት ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ ከሁለቱ ጎኖቹና ከቁመቱ ተነሥቶ የሚሠራ ሒሳብ ነው። ሦስቱ በሜትር ተለክተው ይባዛሉ። ቁመቱ ከመሠረቱ አናት እስከ ቢሙ ሆድ ብቻ ይለካል፤ ከዚያ በላይ ያለው በቢሙ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ለሲ-25 ኮንክሪት በአገራችን በተለምዶ በኪዩቢክ ሜትር 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይያዛል፤ ይህም ባለ 50 ኪሎው 7.2 ከረጢት ማለት ነው።

ሚኤሶ ላይ 30 በ30 ሳንቲሜትር የሆኑ፣ 3 ሜትር የሚቆሙ 8 ኮለኖች ይሞላሉ እንበል። አንዱ 0.27፣ ስምንቱ 2.16 ኪዩቢክ ሜትር ናቸው። በ7.2 ሲባዛ 15.6 ገደማ፣ 5 በመቶ ብክነት ሲታከልበት 16.3 ይመጣል፤ ስለዚህ 17 ከረጢት ይገዛል። ወደ ሙሉ ቁጥር የሚጠጋው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ኮለን 2.04 አግኝቶ ወደ 3 የሚያስጠጋ ሰው 24 ከረጢት ይገዛል (ነጋዴው አይከፋውም)። ዋጋው በኩንታል ከተጠራ፣ አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት ነው።

ስሌቱ ውሃን አይቆጣጠርም። በሚኤሶ ቆላ ሙቀት ድብልቁ ቶሎ ሲደርቅ ሠራተኛ ውሃ ጨምሮ ያቀጥነዋል፤ የከረጢቱ ቁጥር ሳይጎድል የኮለኑ ጥንካሬ ይቀንሳል።