የማይሸጥ ሀብት ግምት፤ ስለ መሬት ግብርና ስለ እርሻ ገቢ ግብር

መንግሥት ግብር የሚጥለው በአብዛኛው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ላይ ነው፤ ወይም ሰው ባለው ነገር ላይ፣ ወይም ሰው በሚያገኘው ነገር ላይ። የፊተኛው የሀብት ግብር፣ የኋለኛው የገቢ ግብር ይባላል። ሁለቱም ግብር ሰብሳቢው አስቀድሞ አንድ ቍጥር እንዲያውቅ ያስገድዱታል። የሀብት ግብር ከሆነ የንብረቱን ዋጋ፣ የገቢ ግብር ከሆነ የዓመቱን ትርፍ ማወቅ አለበት።

ንብረቱ በገበያ የሚለወጥ ሲሆን ይህን ማወቅ አያስቸግርም። የበግ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ በገበያ ቀን ወጥቶ ይጠይቃል። ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ለባዕድ የማይሸጥ ርስት ዋጋው ስንት ነው? ሻጭና ገዢ ተከራክረው ስላልተስማሙበት ዋጋውን የሚናገር ማንም የለም። ያን ጊዜ ቍጥሩን የሚሰጠው ገበያው ሳይሆን ገማቹ ነው። አገራችን ይህን ችግር በሀብት ግብርም በገቢ ግብርም በኩል ስለ ሞከረችው፣ ከ1934 እስከ 1961 ዓ.ም. ያለው ታሪኳ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እየተመራ ከመብላት ይልቅ ከመንግሥት ጎተራ ቀለቡን እንዲያገኝ ተብሎ አሥራት ተደነገገ። አሥራት ከሰብሉ ከዐሥር አንዱ እጅ ስለ ሆነ፣ በጠባዩ ወደ ገቢ ግብር የሚቀርብ ነው። ብዙ ያገኘ ብዙ ይሰጣል፤ ያጣም ጥቂት ይሰጣል። ነገር ግን ዐሥረኛውን ለመውሰድ ዐሥሩን ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ገማቹ መጥቶ እህሉን ሳያይ ገበሬው ከአውድማው ማንሣት አይችልም ነበር። ገማቹ ሲዘገይ ዝናም ይደርሳል፣ ወፍና ምስጥም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ገማቹ ሲመጣ ደግሞ ማስተናገድ አለ። ባላገሩ የሚያማርረው ከዐሥረኛው እጅ ይልቅ ብዙውን ጊዜ አገማመቱን ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ የተቋቋመው መንግሥት ግብሩን በገንዘብ ለመሰብሰብ ፈለገ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ሁሉ በሦስት ደረጃ ተመደበ፤ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ። በአንድ ጋሻ ላይ ለሙ 15 ብር፣ ለም ጠፉ 10 ብር፣ ጠፉ 5 ብር እንዲከፍል ተወሰነ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ አሥራቱ ራሱ በእህል መሆኑ ቀርቶ በየደረጃው የተቆረጠ ገንዘብ ሆነ። ከፍተኛው ተመን በተሠራባቸው ጠቅላይ ግዛቶች የለም ጋሻ አሥራት 35 ብር ስለ ነበር፣ ከመሬት ግብሩ ጋር ሲደመር 50 ብር ይሆናል።

በዚህ መንገድ በገቢ ላይ የነበረው አሥራት በመሬት ላይ የተጣለ የሀብት ግብር ሆነ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ጋሻ ዋጋ ሳያወጣ ዋጋውን በሦስት ስም ተካው። ይህ ብልሃት ትልቅ ጥቅም ነበረው። ደረጃው አንድ ጊዜ በመዝገብ ከገባ በኋላ በየዓመቱ ወደ አውድማ ገማች መላክ አያሻም፤ ገበሬውም የሚከፈለውን አስቀድሞ ያውቃል።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነበር። አንደኛ፣ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው ወሰን በአፈሩ ላይ ተጽፎ አይገኝም። የለም ጋሻ 15 ብር፣ የጠፍ ጋሻ 5 ብር ሲከፍል፣ መሬቱን ጠፍ ለማስባል የሚችል ሰው ከግብሩ ሦስት እጅ ሁለቱን አስቀረ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ የሚችለው ደግሞ ሹም የሚያውቅ ባለጠጋ እንጂ ድኻው አይደለም። ሁለተኛ፣ መዝገቡ አይራመድም። መንገድ ተሠርቶለት፣ ቡና ተተክሎበት ጥቅሙ የበዛው ጋሻና እንደ ጥንቱ የቀረው ጋሻ ከዓመት እስከ ዓመት ያንኑ ይከፍላሉ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት በምሳሌ ሲታይ ይገለጣል። አንድ ባለርስት አንድ ለም ጋሻ አለው እንበል። ጋሻ በልማድ 40 ሄክታር ያህል ይባላል። በዚህ ላይ 10 ጭሰኞች ሰፍረዋል፤ እያንዳንዱም በዓመት 20 ኩንታል እህል ያገባል። ጠቅላላው 200 ኩንታል ነው። ባለርስቱ ከእርቦው ወይም ከሲሶው ሌላ አሥራት ብሎ ከዐሥር አንዱን፣ ማለት 20 ኩንታል፣ ከጭሰኞቹ በእህል ይቀበላል። ኩንታሉ 15 ብር ቢሸጥ 300 ብር ይሆናል። ለመንግሥት ግን ስለ አሥራት የሚያገባው የተቆረጠውን 35 ብር ብቻ ነው። የቀረው 265 ብር በባለርስቱ እጅ ይቀራል። የእህሉ መጠንና ዋጋ ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ አሠራሩ ግን በብዙ ደቡባዊ ጠቅላይ ግዛቶች የተለመደ ነበር። ጭሰኛው በገቢው፣ ባለርስቱ በመዝገቡ ተገብረዋልና በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ግብር መሆኑ ቀርቶ ትርፍ ሆነ።

በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግሬ ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያ መሬቱ በቃላድ አልተለካም። ርስቱ ከአንድ አቅኚ አባት በሚወርድ ዘር የሚያዝ ስለ ሆነ፣ የግብሩ ድምር በቀድሞው ልማድ ተወስኖ ዘመዳሞቹ ራሳቸው ይከፋፈሉት ነበር። ግብር የከፈሉበትም ደረሰኝ የርስት ምስክር ተደርጎ ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ በነዚህ አገሮች መሬት መለካት ማለት በሰው ዘንድ ግብር መጨመር ብቻ ሳይሆን ርስት መንቀል ተደርጎ ይታይ ነበር።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀረ፤ በምትኩም ገበሬውም ባለርስቱም እያንዳንዱ ባገኘው ገቢ ልክ፣ ገቢው ሲበዛ መጠኑም ከፍ እያለ እንዲከፍል አዘዘ። ባለርስቱ ከጭሰኛው የሚቀበለው ኪራይም ገቢ ተብሎ እንዲገበር ስለ ተወሰነ፣ ከላይ ያየነው የ265 ብር ቀዳዳ በሕግ ተደፈነ። ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ባለርስቶች ስለ ነበሩ ሕጉ በምክር ቤት ብርቱ ክርክር ገጥሞታል። ከፍትሕ አንጻር ሲታይ ከቀድሞው እንደሚሻል ግን የሚያከራክር አይመስለኝም።

ሆኖም የገቢ ግብር ለደመወዝተኛ እንደሚቀለው ለገበሬ አይቀልም። የደመወዝተኛው ገቢ በደመወዝ መክፈያ መዝገብ ተጽፏል። ገበሬው ግን መዝገብ የለውም፤ ካመረተውም አብዛኛውን ይበላዋል እንጂ አይሸጠውም። 20 ኩንታል ያገባ ገበሬ 14ቱን ከቤተ ሰቡ ጋር ቢመገብ፣ 2ቱን ለዘር ቢያስቀምጥና 4ቱን ቢሸጥ፣ በገበያ ዋጋ የታወቀው አራቱ ኩንታል ብቻ ነው። የቀረውን በምን ዋጋ እናስበው? በጥር ወር፣ እህል ሁሉ ከአውድማ በሚወጣበት ጊዜ፣ ኩንታሉ 15 ብር ቢሆን የገበሬው ጠቅላላ ገቢ 300 ብር ይሆናል። በሐምሌ፣ ጎተራ በሚጎድልበት ጊዜ፣ 25 ብር ቢደርስ ያው እህል 500 ብር ይባላል። እህሉ አልጨመረም፤ ገበሬውም አልበለጸገም። የ200 ብሩ ልዩነት ያለው በገማቹ ብዕር ላይ ነው። ስለዚህ አዋጁ ግምትን አላስቀረም፤ ከመሬቱ አንሥቶ ወደ አውድማው መለሰው። አሥራትን ያስመረረው ገማች በአዲስ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የጎጃም ባላገር ነገሩን የተመለከተው በዚህ ዓይን ነበር። ገቢ ለመገመት የተላኩት ሰዎች የማሳውን ስፋት ሲጠይቁ፣ ይህ የልኬት መጀመሪያ ነው ተብሎ ተወራ። መንግሥት ርስት አይነካም ቢልም የሚያምነው አላገኘም፤ በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የቆየ ብሶት ነበርና። በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ሕዝቡ ገማቾቹን አናስገባም ብሎ ተነሣ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻው እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። የተሻለው ሕግ በአገማመቱ ምክንያት ከከፋው ሕግ ይልቅ ተጠላ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የሀብት ግብር መጥፎ፣ የገቢ ግብር መልካም መሆኑን ወይም የዚህን ተቃራኒ አይደለም። ገበያ በሌለበት ሁለቱም በግምት ላይ ይቆማሉ፤ የሚለያዩት በስሕተታቸው ዓይነት ነው። የሀብት ግብር ስሕተት አንድ ጊዜ ይሠራና ለብዙ ዘመን ይጸናል፤ ተጠቃሚውም ደረጃ ሲመደብ እጁ የነበረበት ነው። የገቢ ግብር ስሕተት ግን በየዓመቱ አዲስ ሆኖ ይወለዳል፤ ባላገሩንና ገማቹንም በየዓመቱ ፊት ለፊት ያጋጥማል። ግምት መበላሸቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶችም የተለያዩ ናቸው። በመሬት መዝገብ ላይ፣ አንድ ዓይነት አፈር ያላቸው ጎረቤታም ማሳዎች በባለቤቶቻቸው ማዕርግ ልክ ለምና ጠፍ ተብለው ሲገኙ ነው። በገቢ ግምት ላይ ደግሞ፣ የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ሁሉ ድርቅ በሆነበትና በጠገበበት ዓመት ያንኑ ቍጥር ተጽፎላቸው ሲገኝ ነው፤ ይህም ገማቹ አውድማውን ሳያይ እንደ ጻፈ ያስረዳል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አድርጎ መሸጡን ስለ ከለከለ፣ የባለርስትና የጭሰኛ ነገር አበቃ። ለመሬት የገበያ ዋጋ የማጣቱ ችግር ግን አላበቃም፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት የመሬትን ሽያጭ ይከለክላል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን ሲያጸድቅ፣ ቤትና የመሬት ይዞታ መብት በግምት እንዲገበሩ ሆኗል። ለሠላሳ ዓመት ያልተሸጠ የአባት ቤት የሚገመተው በአካባቢው በተሸጡት ቤቶች ምሳሌነት ከሆነ፣ ባለቤቱ የትኞቹ ቤቶች ለምሳሌ እንደ ተወሰዱ ማየትና ከገማቹ መሥሪያ ቤት ውጭ በሆነ ዳኛ ፊት መከራከር መቻል አለበት። የጎጃም ባላገር ያጣው ይህን ነው። የተገመተበትን ቍጥር የሚያርምበት መንገድ ስላልነበረው፣ ገማቹን ከደጁ መለሰው።