የስም አጻጻፍ ልዩነትና የቃለ መሐላ ሰነድ፦ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዴት ይረጋገጣል?



በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ የስም አጻጻፍ ልዩነት ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ችግር ነው። ምክንያቱም ስማችን ሁለት ጊዜ ፊደል ይቀይራል። መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ቀጥሎም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። በዐረብኛ «ሙሐመድ» የነበረው በአማርኛ «መሐመድ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ Mohammed፣ ሌላው Muhammed፣ ሦስተኛው Mehamed ይለዋል። ሰዒድ Seid ወይም Said፣ ዑመር Umer ወይም Omar፣ ዘይነብ Zeyneb ወይም Zainab እየሆነ ይጻፋል። ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ሰነዱን የሚመለከተው የውጭ አገር አሠሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኤምባሲ ግን የሚያየው ሁለት ሰው ነው።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የቃለ መሐላ ሰነድ ነው። ሰነዱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሳይታወቅ ግን ብዙዎች ገንዘብና ጊዜ ከፍለው ያሠሩት ወረቀት ተቀባይነት ያጣባቸዋል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

አንድ ወንድማችን በአማርኛ ስሙ መሐመድ ሰዒድ ዓሊ ነው እንበል። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ Mehamed Seid Ali ይላል። ከዓመታት በኋላ ያወጣው ፓስፖርት ደግሞ Mohammed Said Ali ይላል። በውጭ አገር ሥራ አግኝቶ የትምህርት ማስረጃውን ሲልክ «ይህ ሰርተፊኬት ያንተ አይደለም» ተባለ።

ይህ ወንድም መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ከሁለቱ አንዱ በአውጪው መሥሪያ ቤት ሊታረም ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ቃለ መሐላ የትኛውንም ሰነድ አያርምም፤ ሁለት ሰነዶችን ያገናኛል እንጂ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ፊደል ተሳስቶ ከሆነ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማሳረም ይሻላል፤ የታረመ ሰነድ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የቆየ ሰርተፊኬት ሊታረም ካልቻለ ወይም እርማቱ ጉዳዩን የሚያዘገይ ከሆነ ቃለ መሐላው ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሰነዱ ይዘት ነው። «ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው» የሚል አንድ መስመር ብቻ በቂ አይደለም። ሰነዱን የሚያነበው ሰው ወንድማችንን አያውቀውም፤ የሚያምነው በሁለቱም ሰነዶች ላይ አንድ ሆነው የሚገኙ ሌሎች ነገሮችን ሲያይ ነው። ስለዚህ የትኛው አጻጻፍ በየትኛው ሰነድ ላይ እንዳለ ከነሰነዱ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታና የልዩነቱ ምክንያት መጻፍ አለባቸው። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው አመልካች፣ ጥር 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1998) የተወለድኩ ስሆን፣ በፓስፖርት ቁጥር ... ላይ Mohammed Said Ali፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ቁጥር ... ላይ Mehamed Seid Ali ተብሎ የተጻፈው ስም የእኔ የአንድ ሰው ስም ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው በአማርኛ መሐመድ ሰዒድ ዓሊ የሚለው ስሜ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ነው። ይህ ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በመሐላ አረጋግጣለሁ።»

የትውልድ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው በምክንያት ነው። ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፓስፖርት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጽፉ፣ የስሙን ልዩነት የሚያይ ሰው ቀኑም የተለያየ ይመስለዋል። ቀኑ ተሰልቶ ሲቀመጥለት ግን ያው ቀን መሆኑን ያያል። አንዳንዱ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀንና ወሩን እንዳለ ይገለብጣል፤ ይህ አዲስ ልዩነት ይፈጥራልና ስሌቱን ቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጽሑፉ ሲያልቅ በቤት ውስጥ አይፈረምም። በአዲስ አበባ ከሆነ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ በክልል ከሆነ ይህንኑ ሥራ ወደሚሠራው መሥሪያ ቤት፣ ባለቤቱ ራሱ የታደሰ መታወቂያውንና የሁለቱንም ሰነዶች ዋና ቅጂ ይዞ ይቀርባል። መሐላ የራስ ቃል ስለሆነ ወኪል ልኮ የሚፈጸም ጉዳይ አይደለም። ፊርማው በሰነድ አረጋጋጩ ፊት ይፈረማል፤ ከዚያ ማኅተም ይደረግበታል፣ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አረጋጋጩ የሚያረጋግጠው ይህ ሰው ቀርቦ ይህን ቃል ሰጥቶ መፈረሙን ነው። የቃሉ እውነትነት በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይቀራል።

ሰነዱ ውጭ አገር የሚቀርብ ከሆነ ወደሚፈለገው ቋንቋ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ መተርጎም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ፣ ከዚያም በተቀባዩ አገር ኤምባሲ መረጋገጥ ሊኖርበት ይችላል። ሲተረጎም ትልቁ አደጋ ተርጓሚው በራሱ ሦስተኛ አጻጻፍ ማስገባቱ ነው። ሁለቱ ስሞች በሰነዶቹ ላይ እንዳሉ ፊደል በፊደል መቀመጣቸውን ከመረከባችሁ በፊት አንብቡ። በተለይ ወደ ዐረብኛ ሲሆን ሰዒድ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛው Seid ተነሥቶ ሲተረጎም ዓይን የምትባለዋ ፊደል ወድቃ «ሰይድ» ሊሆን ይችላል። ይህ በዐረብኛ ሌላ ስም ነው።

አሁን ወደ ገደቡ እንምጣ። ይህ ሰነድ የሚያገለግለው ለአጻጻፍ ልዩነት ነው። የአባት ስም ጭራሽ ሌላ ከሆነ ወይም ስሙ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ ጉዳዩ የፊደል አይደለም፤ በማስረጃና በምስክር ወደ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው። ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ ዕድሜያቸው ተጨምሮ ወይም በሌላ ስም ፓስፖርት የወጣላቸው እኅቶች አሉ። ደላላ «ቃለ መሐላ እናሠራልሻለን» ቢላቸው መቀበል የለባቸውም። ያልሆነን ነገር «የፊደል ስሕተት ነው» ብሎ መማል ችግሩን አይፈታም፤ የሐሰት ቃል መስጠትን ይጨምርበታል። ለእነሱ የሚሻለው የሆነውን በትክክል ተናግሮ ከሕግ ባለሙያ ጋር ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

ለሙእሚን ደግሞ ጉዳዩ በሕግ ተጠያቂነት ብቻ አያበቃም። ዐውቆ በሐሰት መማል «የሚኑል ገሙስ» ተብሎ በሐዲሥ ከከባባድ ወንጀሎች ተቆጥሯል። መሐላው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በታተመ ወረቀት ላይ መሆኑ ክብደቱን አይቀንሰውም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ማንበብ፣ ማንበብ የማይችሉ እናትና አባቶችም ቃል በቃል እንዲነበብላቸው ማድረግ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም፣ ለልጆቻችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ለጸሐፊው አትተዉት። በአባት ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ላይ ያለውን አጻጻፍ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡም ያንኑ ወረቀት አሳዩ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ነገ ስለ ስሙ መማል አያስፈልገውም።

ወላሁ አዕለም።